የአለቃዬ ረድፍ

ሰቆጣ የምርምር ጣቢያ ስሠራ፣ በፍየል ማድለብ ላይ የታተሙ ጥናቶችን በአንድ ሰንጠረዥ እንድሰበስብ አለቃዬ አዘዙኝ። መብራት እየጠፋ ስላስቸገረኝ ኮምፒውተሩን ትቼ በትልቅ ወረቀት ላይ አሰመርኩት፦ ናሙናው ስንት ፍየል ነው፣ ውጤቱ በምን የስታቲስቲክስ ቴስት ተፈተነ፣ የደለቡት ካልደለቡት የተለዩበት መጠን ስንት ነው።

የመጨረሻው ዓምድ አሳሬን አበላኝ። ግማሹ ጸሐፊ «ፒ ከ0.05 በታች»፣ ማለትም ልዩነቱ በአጋጣሚ የመጣ አይመስልም፣ ብሎ ይገላገላል፤ ፍየሎቹ ምን ያህል እንደወፈሩ ግን ከዚያ አይገኝም። መጠኑ የሚሰላበትን አማካይና ስታንዳርድ ዴቪየሽን (የቁጥሮቹን ስርጭት) ያልጻፈውን ሁሉ ስረግም እውል ነበር።

አንድ ቀን እንዲህ የረገምኩት ጽሑፍ የራሳቸው የአለቃዬ ሆኖ ተገኘ፤ በወጣትነታቸው ያሳተሙት ነው። አፈርኩና በረድፋቸው የመጨረሻውን ሳጥን ባዶ ተውኩት።

«ይሄስ?» አሉኝ ሰንጠረዡን ሲያዩ።

«የድሮ ማስታወሻዎት ካለ ላሰላው ብዬ ነው።»

«ከምስጥ የተረፈ ማስታወሻ የለኝም። ከሆዴ አውጥቼ ልንገርሽ?»

እስክሪብቶዬን ተቀብለው፣ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፋቸው «አልተገለጸም» ብለው ሞሉት።

ዛሬ ተማሪዎቼ ሁሉም ሳጥን በቁጥር የተሞላ ሰንጠረዥ ሲያመጡልኝ፣ ዓይኔ ያንን የእጅ ጽሑፍ ይፈልጋል።