ለጧፍ ሠሪዋ ያጻፍኩት ማስጠንቀቂያ

ሞላሌ ያለው የእናቴ ቤት ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፣ ኮርኒሱ ደግሞ የተሰፋ የማዳበሪያ ጆንያ ነው። ይህን የማነሳው ቤቱን ለማማት አይደለም፤ ሰም እሳት ላይ የሚጣድበት ቤት እንዳልሆነ ማንም እንዲገባው ብዬ ነው። ከሰፈራችን ሰው በቀር ሁሉም ይገባዋል።

ሥራዬ ደብረ ብርሃን ስለሆነ፣ እናቴ ብቻዋን እንዳትውል ጎን ያለችውን ክፍል አከራዪ ብዬ ያግባባኋት ራሴ ነኝ። ውሉንም ያስጻፍኩት፣ «ለመኖሪያ ብቻ» የሚለውን ያስገባሁትም እኔ። ተከራይዋ ባሏ የሞተባት፣ አንገቷን የደፋች ሴት ናት። ከእሷ ምን ጣጣ ይመጣል ብዬ ልጠርጥር?

ለፋሲካ ስገባ ክፍሏ ውስጥ የከሰል ምድጃ ይግላል፣ ላዩ ላይ የሰም ድስት ተጥዷል፣ ከበላዩ የእኛ ጆንያ ተንጠልጥሏል። ጧፍ እየሠራች ትሸጣለች! ፈትሉን የቀለጠ ሰም ውስጥ እየነከረች ሳንቃ ላይ ታንከባልላለች፤ ገዢው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ዓይኗ የደከመው እናቴ ደግሞ ምድጃው ጥግ ቁጭ ብላ ክር ትገምዳለች። ክው አልኩ።

«ይሄ እኮ ንግድ ነው። ውሉ አይፈቅድም» አልኳት።

«ኧረ እትዬ፣ ጧፍ እኮ ነው! ለቤተ ክርስቲያን የሚገባ ነገር ንግድ ይባላል?»

«ከሸጥሽው ንግድ ነው! ቢያንስ እሳቱን ወደ ጓሮ አውጪው።»

«የውጪው ንፋስ ሰሙን ያረጋብኛል» አለችኝ፣ ጭራሽ እኔን እንደ ማስረዳት። ከበዓሉ በኋላ እተዋለሁ ብላ ማለችልኝ። ክረምት መግቢያ ላይ ስመለስ ድስቱ እዚያው፣ እናቴም እዚያው ናቸው።

ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ወደሚቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ ሄድኩ። ውሉን አገላብጦ አየና «አከራይዋ እናትሽ ናቸው። ወይ ውክልና አምጪ፣ ወይ እሳቸው ይፈርሙ። በአንቺ ስም የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ዋጋ የለውም» አለኝ። እሺ፣ በእሷ ስም ጻፍ አልኩት። ቤቱ ለመኖሪያ ብቻ መከራየቱን፣ ተከራይዋ ግን እንደምትነግድበት፣ በአንድ ወር ውስጥ ካላቆመች ውሉ ፈርሶ ቤቱን እንድታስረክብ፣ ካልሆነ በፍርድ ቤት እንደምትጠየቅ አሳምሮ ጻፈው።

እናቴ አስነብባኝ ሰማችና እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች።

«ጣቴ የራሴ ነው» አለች።

«እማዬ፣ እሳት እኮ ነው! ተኝተሽ ብትቃጠዪብኝስ?»

«ሁለት ክረምት ብቻዬን በርዶኝ አልሞትኩም። አሁን ሞቀኝ ስል መጣሽ።»

ምስክር ይሆኑኝ ዘንድ ጎረቤታችንን መሪጌታን ለመንኳቸው። ጧፋቸውን የሚገዙት ከእሷ ነው ለካ! «ቤቱ ቢቃጠልስ?» ስላቸው «ጧፍ ቤት አያቃጥልም፣ ልጄ» አይሉኝ መሰላችሁ! የተማሩ፣ ስንቱን ደብተራ ያስተማሩ ሰው! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ሰፈሩ ውስጥ ነገር ፈላጊዋ እኔ ሆኜ ቁጭ አልኩ።

በመጨረሻ ያስፈረመችልኝ ማን ብትሉ፣ ራሷ ተከራይዋ። «እማማ፣ ይፈርሙ። በእኔ ሰበብ ከልጅዎ አይጣሉ» ብላ ለመነቻት። መሪጌታንም ለመነቻቸው። እናቴ ቀና ብላ ሳታየኝ ጣቷን ቀለም ነክራ አተመች፤ መሪጌታና ሌላ ጎረቤት በምስክርነት ፈረሙ። ተከራይዋም ማስጠንቀቂያው እንደደረሳት ፈርማ ተቀበለች። ወሩ ሳይሞላ መንገድ ዳር ወለሉ ሲሚንቶ የሆነ የንግድ ክፍል አገኘችና ቁልፉን አስረከበች። እኔም ደብረ ብርሃን ገብቼ እፎይ ብዬ ተኛሁ።

ለመስቀል ስመጣ የእናቴ በር ከውጭ ተቆልፏል። አንኳኳሁ፣ ተጣራሁ፣ መልስ የለም። የጎረቤት ሴት አጥሩ ላይ ብቅ አለችና «እሳቸውማ ጠዋት ነው የሚወጡት» ብላ በእጇ ወደ መንገዱ አመለከተችኝ።

እየሮጥኩ ደረስኩ። እናቴ በዚያ ሁሉ ዳገት በምርኩዟ ወጥታ፣ ሲሚንቶው ላይ አጎዛ ተነጥፎላት፣ ክር ትገምዳለች። ተከራይዋ ስታየኝ ደንግጣ ተነሳች። እናቴ ግን እጇን እንኳ አላቆመችም።

«እማዬ! ቤትሽን ዘግተሽ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ቤቱ ለመኖሪያ ብቻ ነው ብለሽ አላስጻፍሽም?» አለችኝ። «እኔ ደግሞ ሥራ አለኝ።»