የሟቹ ካርድ

ጦር ኃይሎች ሰፈር መጋረጃ እሸጣለሁ። የኢንተርኔት ማስታወቂያ የሚከፈለው በዶላር ነው፤ የእኔ የብር ካርድ ደግሞ እዚያ አይሠራም። ስለዚህ ውጭ አገር ያለው የአክስቴ ልጅ የራሱን ካርድ አስገባልኝ፣ እኔም ብሩን ሳንሱሲ ለምትኖረው እናቱ እሰጣለሁ። ማስታወቂያው በዱቤ ይሄድና ሂሳቡ የተወሰነ ጣሪያ ሲደርስ ከካርዱ ይቆረጣል።

የአክስቴ ልጅ ክረምት ላይ ሞተ። ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ ስልኬ ነዘረ። «ክፍያዎ ተሳክቷል» ይላል፣ በእሱ ካርድ።

ካርዱን ከማስታወቂያ አካውንቴ ላወጣው ብል ገጹ መጀመሪያ ሌላ ካርድ አስገባ አለኝ። ከየት አባቴ ላምጣ? እዚያው ውጭ ላለችው ሚስቱ ደወልኩላት።

«ተወው፣ እንዳታቆመው» አለችኝ። ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም።

ከዚያ በኋላ ሂሳቡ በሞላ ቁጥር የሞተ ሰው ይከፍልልኝ ነበር።

ትናንት ግን ክፍያው አልሄደም። ባንኩ ካርዱን ዘግቶታል፤ የማስታወቂያ አካውንቴም ዕዳው እስኪከፈል ታግዷል። ብስጭቴ ሳይበርድ ሚስቱ ደወለች።

«የእሱን ስልክ አልዘጋሁትም፣ አልጋው ላይ እሱ በሚተኛበት በኩል ነው የማስቀምጠው» አለችኝ። «ከካርዱ ብር በተቆረጠ ቁጥር መልእክት ይገባና ይጮሃል፤ ያኔ ‹መጣህ?› እለዋለሁ።»

ቀጥላም ጠየቀችኝ።

«አሁን ለምን ጠፋ?»