ለምሽጉ የሸጥኋቸው ዶሮዎች

ደብረ ማርቆስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ ዘጠኝ ሴት ዶሮዎችና አንድ ገብስማ አውራ ዶሮ ነበሩኝ። ጓሮዬ አንድ በሬ ቢገባበት ዞሮ ለመውጣት የሚቸገርበት ያህል ነው። ቀን ቀን እዚያ ሲጭሩ ይውላሉ፤ ሲመሽ ከእኔና ከአማቴ ጋር አንድ ቤት ገብተን እነርሱ ቆጥ ላይ፣ እኛ መደብ ላይ እናድራለን። ባሌ ጣልያን ሳይገባ በንዳድ ሞቷል። መሬቱን ወንድሞቹ ያርሱታል። ለእኔ የደረሰኝ ጓሮውና እናቱ ናቸው።

በዶሮ ሀብታም የሆነ ሰው አላየሁም፤ ጨውና በርበሬ ግን ይገዛል። አተላና የእህል ግርድ እሰጣቸዋለሁ። እንቁላሉን ስሰበስብ አንድ እተዋለሁ፤ ጎጆዋን ባዶ ያገኘች ዶሮ ኮርፋ ሌላ ሰው አጥር ውስጥ ሄዳ ትጥላለች። የሰበሰብኩትን ገለባ ውስጥ ቀብሬ ቅዳሜ ገበያ አወጣለሁ። ችግሩ ሁዳዴ ነው። ዶሮ ጾም አታውቅም፤ ሰው በጾመ ቁጥር እርሷ እንቁላል ትጥላለች፣ የሚገዛም የለም። በሌላው ዓመት አሥራ አንድም አሥራ ሦስትም አሳቅፌ የቀረውን ለፋሲካ አቆይ ነበር። ለፋሲካ ከደረሰው ግማሹ ሲሰበር ይሸታል።

ጣልያን ከገባ በኋላ ባለው በሁለተኛው ሁዳዴ አንድ አስካሪ፣ የጣልያን ቅጥር ወታደር፣ ደጄን አንኳኳ። የምሽጋቸው ወጥ ቤት ነው፤ አማርኛው ትግርኛ ትግርኛ ይላል። ባልዲ ይዟል። ባልዲውን ውኃ አስሞላኝና እንቁላሎቼን አንድ በአንድ ከተታቸው። የሰጠመውን ወሰደ፣ የተንሳፈፈውን መለሰልኝ። እንዲህ ያለ ንቀት ገጥሞኝ አያውቅም፤ ግን ልክ ነበር። ሊሬ አልቀበልም ስለው ከዚያ ቀን ጀምሮ በጨው ይከፍለኝ ጀመር። እርሱ ራሱ ጿሚ ነበር። “ለሹማምንቱ ስጠብስ አልቀምስም፣ እቴ፤ ጨውን በግምት ነው የምጨምረው” አለኝ አንድ ቀን። ጣልያኖቹ ስለ ጨው ምን ይሉ እንደነበር አልነገረኝም።

ሁዳዴን ሙሉ፣ ከፋሲካም በኋላ ሸጥሁለት። ቤታችን ጨው ተትረፈረፈ። የጨው መትረፍረፍ ደግሞ ጎረቤት ሳያየው አይቀርም።

በየወሩ የማርያም ማኅበር እንጠጣ ነበር፤ አሥራ ሁለት ሴቶች ነን፣ ተራ በተራ እንደግሳለን። የእኔ ተራ ሰኔ ነው። ግንቦት ላይ ማኅበሩን የሚመሩት ጎረቤቴ ወደ ቤቴ መጡ። አልቀመጥም አሉ።

“ጠልተንሽ አይደለም” አሉኝ። “ግን ወጥሽ የምሽግ ጨው ያለበት ነው። የባንዳ ቤት ጠጡ እንዳንባል፣ የሰኔውን ለሌላ ሰጥተነዋል።”

“የሐምሌውንስ?” አልኳቸው።

“የሐምሌውም ባለ ተራ አለው።”

የእርሳቸው ልጅ ለዚያው ጣልያን መንገድ ድንጋይ ይሰብር ነበር። ድንጋይ ግን ወጥ ውስጥ አይገባምና ማንም አላየበትም። ይህን በሆዴ አልሁ እንጂ ከአፌ አልወጣም። ፈራሁ። ባል የሌላት፣ ልጅ የሌላት፣ ማኅበርም ያልተቀበላት ሴት ስትሞት አልጋዋን ማን ይሸከማል? ያን ሌት አለቀስሁ። አማቴ ከወዲያ መደብ ሆነው “ዝም በይ፣ ዶሮዎቹን አትቀስቅሺ” አሉኝ።

ክረምቱ እንደ መግባት ሲል ፈንግል መጣ። መጀመሪያ የላይኛው ጎረቤቴ ዶሮ አንገቷን ጠመዘዘች፣ ክንፏን ጣለች፣ አረንጓዴ አስቀምጧት በማግስቱ ሞተች። አማቴ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ወቅጠው በሎሚ እየበጠበጡ የዶሮዎቼን አፍ እየፈለቀቁ አጠጧቸው። በሦስተኛው ቀን ሁለቱ ሞቱ። አንዷ መድኃኒቱን አብዝታ የጠጣችው ነበረች።

ፈንግል አገር ሲገባ ሁሉም የሚያደርገው አንድ ነው፤ ገና የቆመውን መሸጥ። ገበያ ወጣሁ። አገሩ በሙሉ ዶሮ ታቅፎ ወጥቷል፤ ሻጭ እንጂ ገዢ የለም፤ ሁሉም ዶሮዬ ጤነኛ ናት እያለ የሌላውን በክፉ ዓይን ያያል። ከዚያ ወደ ምሽጉ በር ሄድሁና ወጥ ቤቱን አስጠራሁት።

ስምንቱንም አያቸው። “ደኅና ናቸው?” አለኝ።

“እንደምታያቸው ናቸው” አልሁ።

እንቁላሌን በውኃ የሚፈትን ሰው ዶሮዬን አልፈተነም። ሦስት ወር ሙሉ አንድም ቀን አታልዬው ስለማላውቅ ይመስለኛል። ያን ጊዜ በጨው ላይ ጠገራ ብር ጨመረልኝ። የምሽጉ ጣልያን አለቃ ከአገሩ ያስመጣቸው ነጫጭ ዶሮዎች በሽቦ አጥር ውስጥ እንዳሉት ወጥ ቤቱ ነግሮኝ ያውቃል። ከእነርሱ ጋር ትቀላቅላቸዋለህ ወይ ብዬ አልጠየቅሁም። ባውቅም እሸጥ ነበር፤ ይህን ዛሬ መደበቅ ምንም አይጠቅመኝም።

በሳምንቱ ነጫጮቹ ዶሮዎች አንድ ሳይቀሩ አለቁ። ወሬውን ወደ ምሽጉ እንጨት የምታስገባ የማኅበራችን ሴት አወጣችው። በማግስቱ ማኅበሩን የሚመሩት ጎረቤቴ መጡ፤ ሳልጋብዛቸው ተቀመጡ።

“ምን አድርገሽባቸው ነው?” አሉኝ በሹክሹክታ።

“ምንም። ፈንግል ነው።”

“ልክ ነው፣ ልጄ” አሉና ጠቀሱኝ። “እኛም ፈንግል ነው እንላለን።”

“እውነቴን ነው፣ እትዬ። ታመው ነው የሸጥኋቸው።”

“አፍሽ ይባረክ። እንዲህ ነው ምስጢር መጠበቅ።” የሰኔው ተራ ተመለሰልኝ።

ሰኔ ሃያ አንድ ቀን ደገስሁ። ጠላዬ ጥሩ ነበር፤ ዳቦዬም ጥሩ ወጣ። አንድም ሰው አልቀረም። ከግንቦት ጀምሮ ሰላም ያላሉኝ ሴቶች ጣልያንን በዶሮ የወጋች እያሉ ከእኔ ጋር ለመቀመጥ ተጋፉ። ደስ አለኝ። እውነቱን ሦስተኛ ጊዜ መናገር ድካም መስሎ ታየኝና ጠላዬን መቅዳቴን ቀጠልሁ።

እንጨት የምታስገባዋ ሴት ከሁለተኛው ዋንጫ በኋላ የቀረውን ወሬ አመጣች። አለቃው ዶሮዎቹን ማን እንደሸጠ ወጥ ቤቱን ጠይቆታል። “ከገበያ፣ ከማላውቀው መንገደኛ ገዛኋቸው” ብሏል። ማድ ቤቱ ደጃፍ አጋድመው ገረፉት። እንደገና ጠየቁት፤ እንደገና መንገደኛ ነው አለ። ከዚያ በመኪና ጭነው ወሰዱት፤ ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

“ይበለው” አለች አንዷ። “የባዕድ ሎሌ!”

ዋንጫውን አስቀመጥሁ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ወታደር ደጄን ለምን እንዳላንኳኳ አንድ ጊዜም አላሰብሁም። አፈርሁ፤ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

ጸሎቱ ሲደርስ ማኅበራችንን የሚባርኩት ካህን ብድግ አሉ። በጸሎት እንዲያስቡት የምንፈልገውን ሰው እንድንነግራቸው ጠየቁን። አንዷ ባሏን፣ አንዷ ጫካ የገባ ወንድሟን ጠራች። እኔ ተራዬ ሲደርስ አንድ እስረኛ አለብኝ አልኋቸው።

“የክርስትና ስሙ ማን ነው?” አሉኝ።

ሦስት ወር ሙሉ ደጄ ተመላልሷል፤ ጨዉን ስሰፍር ኖርሁ እንጂ ስሙን አንድ ቀን አልጠየቅሁትም።

“አላውቀውም፣ አባ” አልሁ። “እርሱ ግን የእኔን ያውቃል።”