«መዝኑ» ያልኩበት ክፍለ ጊዜ

ኒውላንድ ሰፈር ባለው ትምህርት ቤት የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሲል ሱፐርቫይዘሯ ክፍሌ ገብተው ሊያዩኝ ሆነ። ካልወደዱት እሰናበታለሁ። የትምህርት ዕቅድ አወጣጥን ብቻዬን አንብቤ ስለተማርኩ የትምህርቱን ዓላማ በሚገልጸው ግስ ብዙ ተጨነቅሁ። «ይዘረዝራሉ» የሚለው ማስታወስን ብቻ ነው የሚጠይቀው ብዬ ተውኩትና ከፍ ያለ አስተሳሰብ የሚጠይቀውን መረጥኩ፦ «ተማሪዎች የውሃ ማከሚያ ዘዴዎችን ይመዝናሉ።»

ሱፐርቫይዘሯ ከኋላ ተቀመጡ። በጠርሙስ የያዝኩትን የባሮ ወንዝ ውሃ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ «በሉ፣ መዝኑ» አልኩ።

አማርኛን ትምህርት ቤት ገብታ የለመደች አንዲት ተማሪ ተነስታ ጠርሙሱን በእጇ ከፍ ዝቅ አደረገችው።

«ቲቸር፣ አንድ ኪሎ ይሆናል።»

ክፍሉ ሳቀ። ሱፐርቫይዘሯ ግን አልሳቁም፤ አንገታቸውን ደፍተው ጻፉ።

ከ«መዝኑ» ወደ ቀለለው ጥያቄ ወረድኩ። መጀመሪያ ዘዴዎቹን አስጠራኋቸው፤ ቀጥሎ ማጥለልና ማፍላት በምን እንደሚለያዩ ጠየቅሁ። በመጨረሻ «ጀርም ለመግደል የትኛው ይሻላል? ለምን?» አልኩ።

«ማፍላት» አለች ያቺው ልጅ። «ጨርቅ ጭቃ ይይዛል፣ ጀርም ያሳልፋል።»

ስንወጣ ሱፐርቫይዘሯ «አሁን መዘነች» አሉኝ። «ዕቅድህ ላይ ግን መስፈርቱ የለም። በምን ትመዝን? አስተካክለው፤ ነገ ሌላ ክፍል ስታስተምር ገብቼ አይሃለሁ።»

እዚያው ቆሜ ዕቅዴን አወጣሁና ከ«ይመዝናሉ» በፊት «ጀርም በመግደል አቅማቸው» ብዬ ጨመርኩበት።