ስምንት አምፔር

ባለታክሲው ግራ ገብቶት በኤሌክትሪክ መኪናው ዙሪያ ይሽከረከራል። ዓመቱን ሙሉ ከበረንዳው ተራ ሶኬት ሲሞላው ከርሞ፣ ጠዋት ሲነሳ ባትሪው ከግማሽ አያልፍለትም ነበር። ትናንት ግን ኤሌክትሪሺያኑ ለብቻው የሆነ ወፍራም መስመር ዘርግቶ፣ ግድግዳው ላይ ባለ ሠላሳ ሁለት አምፔር ቻርጀር ገጠመለት። ዛሬም ያው ግማሽ!

«ይሄ ሳጥን የግድግዳ ጌጥ ነው እንዴ?» ብሎ በስልክ ጮኸበት።

ኤሌክትሪሺያኑ መጥቶ ብሬከሩን፣ ገመዱን፣ ሳጥኑን አንድ በአንድ ፈተሸ። ሁሉም ደህና ነው። እሱም ግራ ገብቶት ራሱን አከከ። «ሳጥኑ ሠላሳ ሁለት ልስጥህ ይላል፤ መኪናው ግን ስምንት ብቻ ነው የሚወስደው። ምን ነካው?»

ይሄኔ የባለታክሲው ሚስት ከቤት ብቅ አለች። «እኔ ነኛ! አምና ያ ሶኬት እጅ እስኪለበልብ ሲግል፣ ቤቱ እንዳይነድ ብዬ መኪናው የሚወስደውን አምፔር በስክሪኑ ላይ ወደ ስምንት ዝቅ አደረግኩት።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ነገርኩህ እንጂ! ኳስ እያየህ ‹እሺ› አልከኝ።»

ኤሌክትሪሺያኑ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ስክሪኑን ነካ ነካ አደረገና ገደቡን አነሳው። አምፔሩ ሽቅብ መውጣት ጀመረ።

«ከእንግዲህ ሳወራህ ትሰማኛለህ?» አለችው ሚስቱ።

ባለታክሲው ዓይኑን ከቁጥሩ ሳይነቅል «እሺ» አላት።