ሠላሳ አንድ የድምፅ መልእክትና አንድ ጋሪ

ያምሮትን ቡሬ ውስጥ የሚያውቃት ሁሉ በአንድ ነገር ያውቃታል፤ ወሬ አትወድም። ሰው ሰላምታውን ሳይጨርስ «እሽ፣ ምን ነበር?» ትላለች። እንዲህ ያለች ልጅ ጎጃም ውስጥ መወለዷ ራሱ ይገርማል። ከብቱን፣ ልጁን፣ ዝናቡንና ጎረቤቱን ያላዳረሰ ሰላምታ እንደ ቁጣ የሚቆጠርበት አገር ነውና። እናቷ «ይች ልጅ ነገ አማቶቿ ሲመጡ ምን ልትላቸው ነው?» እያሉ ይጨነቃሉ። አሠሪዋ ጋሽ ባንተአምላክ ግን የቀጠሯት ይህንኑ ጠባይዋን ወደው ነው።

ጋሽ ባንተአምላክ በነቀምቴ መንገድ ዳር የብረታ ብረት ሥራ ቤት አላቸው። በርና መስኮት ይሠራሉ፤ ከሁሉ በላይ ግን ስማቸው የሚነሣው በፈረስ ጋሪ ነው። ድሮ ደንበኛ መጥቶ ፊት ለፊት ቆሞ ያዝዛል። ዛሬ ግን እዚያው ሽንዲ ከተማ ቁጭ ብሎ ስልኩን ተጭኖ ማውራት ነው። ጋሽ ባንተአምላክ አንዱን የድምፅ መልእክት ሰምተው ሳይጨርሱ አምስት ይደረብባቸዋል፤ ጆሯቸውም ብረት በሚቆርጠው ግራይንደር ጩኸት ደክሟል። ስለዚህ የያምሮት ሥራ የደንበኛውን ወሬ ጨምቃ በአንድ ገጽ ማውጣት ሆነ። ገጹ ላይ የተጻፈው ይሠራል፣ ያልተጻፈው አይሠራም። የተቆረጠ ብረት መልሶ አይረዝምምና ገጹ መሳሳት የለበትም።

እሷም ለዚህ ዘዴ አበጅታለች። ድምፁን ወደ ጽሑፍ ለሚቀይር የቴሌግራም ቦት ትሰጠዋለች፤ የወጣውን ጽሑፍ አትማ እያንዳንዱን መልእክት ቁጥር ትሰጠዋለች። ከዚያ በእስክርቢቶ ከየዐረፍተ ነገሩ ጎን «ሥራ»፣ «ወሬ» ወይም «ጥያቄ» ብላ ትጽፋለች። ደንበኛው አንድ ነገር ብሎ ኋላ ሌላ ካለ፣ የኋለኛውን ትይዛለች። ሰው ሐሳቡን ይቀይራላ። ማዳመጥ የሚባል ነገር ግን አታውቅም። የአንድ ሰዓት ወሬ በአሥር ደቂቃ የሚነበብ ከሆነ ጆሮ ምን ያደርጋል ትላለች።

ቸኮለ የተባለ ደንበኛ ትእዛዙን የላከው በጥቅምት መጀመሪያ ነው። ቸኮለ ከሽንዲ ወጣ ብሎ በርበሬና በቆሎ የሚያርስ ገበሬ ነው። ሠላሳ አንድ የድምፅ መልእክት ላከ፤ ሲደመር አርባ ስምንት ደቂቃ። እኔ አስቀድሜ ልናገረው፦ ይህ ጋሪ የታዘዘው ጉልበታቸው ከደከመ ወዲህ ሁለት ዓመት ከግቢ ያልወጡትን የቸኮለን እናት፣ እማማ ወይኒቱን፣ ለኅዳር ሚካኤል ደብራቸው ለማድረስ ነው። ያምሮት ግን ይህን አታውቅም። ቸኮለ እንደ አገሩ ሰው ዋናውን ጉዳይ በቀጥታ መናገር አፍሮ፣ በበርበሬ ጆንያ ጀምሮ በፈረሱ ጠባይ ዞሮ፣ በጎረቤቱ ሠርግ አሳብሮ ነው የሚናገረው።

ቦቱ ደግሞ ነጥብ አያውቅም። አሥራ ስምንተኛው መልእክት እንዲህ ብሎ ወጣ፦ «ወንበሩ መደገፊያ ይኑረው ለስለስ ያለ ስፖንጅ ቢኖረው ኧረ ምን ወንበር ያስፈልጋል በርበሬ ይጫንበት ዝም በይ እንጅ መውጫ ደረጃም ቢኖረው ምን ደረጃ ነው ሙሽራ ነኝ ወይ ተው»። ያምሮት ራሷን ነቀነቀች። ይህ ሰውዬ ከራሱ ጋር ይሟገታል። «ዝም በይ» የሚለውን ለዶሮ ያለው መስሏት ከጎኑ «ወሬ» ብላ ጻፈች። ስለ ጣራም እንደዚሁ ነው፤ ይኑረው ይልና ወዲያው አልፈልግም ይላል። በኋለኛው ቃል ሄደች፦ ወንበር የለውም፣ ደረጃ የለውም፣ ጣራ የለውም። ጎንና ጎኑ የተከለለ፣ ስምንት ጆንያ የሚችል የጭነት ጋሪ። አርባ ስምንት ደቂቃው አሥራ አንድ መስመር ሆነ። እንዲህ ያለ ንጹሕ ገጽ ሠርታ አታውቅም፤ ኩራቷ ለጉድ ነው።

ሥርዓቱ ስለሆነ ማኅተም አድርጋ ገጹን ፎቶ አንሥታ ለቸኮለ ላከችለት፤ «ትክክል ከሆነ አረጋግጡ» ብላ። መልሱ በማግሥቱ መጣ፦ «እሽ፣ እንዳላችሁ ይሁን፣ እግዜር ይስጥልኝ።» ጋሽ ባንተአምላክ አንግል ብረቱን በጠመኔ ምልክት ማድረግ ጀመሩ።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ከቸኮለ አንድ መልእክት ተጨመረ፤ ሠላሳ ሁለተኛው። ቦቱ አወጣው፦ «ወንበር አይሆንም ካላችሁማ ምን ይደረጋል ለእናቴ ፍራሽ አነጥፍላታለሁ እንግዲህ እንዲያው ሚካኤል ይርዳን»።

ያምሮት ሁለት ጊዜ አነበበችው። እናት? አሥራ አንዱ መስመር ውስጥ እናት የለችም። ደግሞስ «አይሆንም» ያለው ማን ነው? እሷ እኮ ያለችው እሱ ያለውን ነው። ቀስ እያለ ነገሩ ገባት። ቸኮለ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሲያይ ጥያቄ አልመሰለውም፤ የሥራ ቤቱ ውሳኔ መሰለው። የተወሰነን ነገር ደግሞ ጨዋ ሰው አይከራከርም። «እንዳላችሁ ይሁን» ያለው ተስማምቶ ሳይሆን ተቀብሎ ነው።

ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ አድርጋ አሥራ ስምንተኛውን ከፈተችው። ያኔ ሰማቻቸው። ቸኮለ «መደገፊያ ይኑረው» ሲል ከኋላው፣ ከምድጃ አጠገብ መሆኑ ነው፣ ቀጭን የአሮጊት ድምፅ «ኧረ ምን ወንበር ያስፈልጋል» ይላል። ሁለት ሰው ነው። ሐሳቡን የሚቀይር አንድ ሰው አልነበረም፤ አንዱ ሲያዝዝ አንዷ ትከለክላለች፣ ቦቱ ደግሞ ሁለቱን በአንድ አፍ አናግሯቸዋል። የኋለኛውን ቃል ያዝኩ ስትል የያዘችው የእናትየውን ይሉኝታ ነበር። ፊቷ በእፍረት ጋለ።

ግራይንደሩ ሲጮህ ሰምታ ወደ ጓሮ ሮጠች። ጋሽ ባንተአምላክ መነጽራቸውን አጥልቀው ብረቱ ላይ ሊያሳርፉት ነው። እጇን አውለበለበች፤ አጠፉት።

«ጋሼ፣ ገጹ ስሕተት ነው። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«አረጋግጧል አላልሽም?»

«አረጋግጧል። ያረጋገጠው ግን የኔን እንጂ የራሱን አይደለም።»

ጋሽ ባንተአምላክ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ትንሽ አዩዋት። «እኔ ደግሞ ማሽኑ አይሳሳትም ስትይ አምኜሽ» አሉ። ብረቱን ግን አስቀመጡት።

ያምሮት ሠላሳ ሁለቱንም መልእክት ተቀምጣ አዳመጠች። በእያንዳንዱ መስመር ጎን አዲስ ዓምድ ሠራች፦ «ማን አለው?» ቸኮለ ካለው ጎን «ልጅ»፣ እማማ ወይኒቱ ካሉት ጎን «እናት» ጻፈች። ሲያልቅ ገጹ እንደ ሙግት ሆኖ ቁጭ አለ፤ ከፋዩ ወንበር ይላል፣ ተሳፋሪዋ አልፈልግም ይላሉ። ይህን በግምት መፍረድ አይቻልም። ለቸኮለ ደወለች፤ ስልኩንም ለእማማ ወይኒቱ እንዲሰጣቸው ለመነችው።

«እማማ፣ ወንበር ይፈልጋሉ?»

«አልፈልግም ልጄ። በርበሬውን ይጫንበት።»

እንዲህ ያለ ጥያቄ እንዲህ ያለ መልስ ነው የሚያመጣው። ያምሮት ባዶ በርሜል ላይ ተቀመጠች፤ በሕይወቷ ያላደረገችውንም አደረገች። ስለ ላሞቹ ጠየቀች። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጅ ልጆቹ፣ በርበሬውን አበስብሶ ስለ ጣለው በሽታ ጠየቀች። ጋሽ ባንተአምላክ ጠመኔውን ይዘው በመገረም ቆመው አዩዋት። ሩብ ሰዓት ያህል ካወጉ በኋላ፣

«ከቤት ሲወጡስ የደጁን ደረጃ እንዴት ይወርዱታል?» አለች።

«እሱንስ እወርደዋለሁ። ስንዝር ከጋት ቢሆን ነው። ከዚያ ከፍ ካለ ጉልበቴ እምቢ ይላል።»

«መሬት ሲቀመጡስ?»

«መቀመጡን እቀመጣለሁ። መነሣቱ ነው። ሁለት ሰው ነው የሚጎትተኝ።»

ያምሮት ጻፈች። ፍራሽ አይሆንም፤ ወንበር ያስፈልጋል። ደረጃው እያንዳንዱ ከስንዝር ከጋት፣ ከሠላሳ ሴንቲ ማለት ነው፣ አይበልጥም። ያለ ልመና፣ ያለ ይሉኝታ፣ ልኩ ራሱ ተናገረ።

«ጣራውስ፣ እማማ? እሱንም ለልጅዎ አዝነው ነው የተዉት?»

«የጣራውስ ከልቤ ነው። እስክንደርስ በመንገዱ ሦስት ቤተ ክርስቲያን አለ። ሁለት ዓመት ሳልሳለም ኖሬ፣ አሁን በአጠገባቸው ተሸፍኜ ልለፍ?»

«ፀሐዩስ?» አለ ቸኮለ ከኋላ።

«ጃንጥላ የለኝም ወይ?»

አዲሱ ገጽ በዚያው ቀን ወጣ። መደገፊያ ያለው ወንበር፣ በርበሬ ሲጫን እንዲነሣ በቡሎን የሚታሰር። ጣራ የለውም፤ ከወንበሩ ጎን ግን የጃንጥላ እጀታ የሚሰካበት አጭር ቱቦ ይበየዳል። ጋሪው ከመሬት ሰማንያ ሴንቲ ስለሚርቅ በሦስት እርምጃ የሚያስወጣ ሁለት ደረጃ፤ የታችኛው ደረጃ በጉዞ ላይ ድንጋይ እንዳይመታው የሚታጠፍ። ይህን ማጠፊያ ያሰቡት ጋሽ ባንተአምላክ ናቸው። ወንበሩም ወደ ኋላ ከተገፋ ክብደቱ ፈረሱን ከፊት ያነሣዋልና ሁለቱን ጎማዎች ከሚያገናኘው ብረት በላይ ይሁን ብለው አስጨመሩ። ያምሮት ማኅተሙን አላደረገችበትም። ደውላ መስመር በመስመር አነበበችላቸው፤ በእያንዳንዱም ላይ «ይህ የናንተ ቃል ነው ወይስ የኛ?» እያለች ጠየቀች። እማማ ወይኒቱ ስለ ወንበሩ ሲጠየቁ «እንግዲህ ልጅቱ ከጻፈችው» አሉ። ቸኮለ ሳቁ አመለጠው።

ኅዳር አሥራ ሁለት ረፋድ ላይ ያምሮት ስልክ ላይ የቸኮለ መልእክት ገባ። በልማዷ ለቦቱ ሰጠችው። ቦቱ ያወጣው ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ እሱም ትርጉም የለውም። እንግዲያውስ ብላ ማዳመጫውን አደረገች።

የፈረስ ኮቴ ይሰማል። ጎማው ጠጠር ይፈጫል። ከሩቅ ከበሮ አለ። ከዚያ ያ ቀጭን ድምፅ፣ አሁን ግን ከኋላ ሳይሆን ከስልኩ ጎን፣ «ቁም እስኪ ልጄ፣ ጃንጥላውን ዝቅ አድርግልኝ» አለ። ኮቴው ቆመ። ለረጅም ጊዜ ምንም አልተሰማም፤ እማማ ወይኒቱ ቤተ ክርስቲያን እየተሳለሙ ነው። ያምሮት ከጎኑ «ሥራ» ወይም «ወሬ» ብላ አልጻፈችም። ማዳመጫውን ለጋሽ ባንተአምላክ ሰጠቻቸውና እሳቸውም እስኪያልቅ ግራይንደሩን አጥፍተው ሰሙ።