ስምንት መቶ አባወራ

በእርዳታ መሥሪያ ቤቱ “ሚዛን” ነው የሚሏት። ስሙን ያወጡላት የፕሮግራም ኃላፊው ጋሼ ናቸው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ ከኮሌጅ በወጣች በወሩ፣ ወንበር ስበው አጠገባቸው አስቀምጠው የበጀት ሥራ ያስተማሯትም እሳቸው ናቸው። “የአደጋ ጊዜ በጀት ሳያውቁ መጻፍ፣ ሲያውቁ ሳያፍሩ ማረም ነው” ይሏት ነበር። እሷም እንደ አባት ታምናቸው ነበር። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የሚለው ተረት ለሌላ ሰው የተተረተ ይመስላት ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ወንዙ ሞልቶ ታች ያሉትን ሰፈሮች አጥለቀለቀ። የገንዘብ ለጋሹ ማመልከቻውን እስከ ረቡዕ ጠዋት ብቻ እቀበላለሁ አለ። ሚዛን ተፈናቃዮቹ ባሉበት ቦታ ለሚሠራው የውሃ ባለሙያ ደወለች።

“ስንት አባወራ ነው?”

“ቆጥሬ አይደለም፣ እህቴ። የትምህርት ቤቱን ግቢ ዞሬ ነው ያየሁት። አንድ ሺህ አራት መቶ በዪ። ጉድጓዱ ሁሉ ጎርፍ ገብቶበታል፤ ውሃ ብቻ እንዳታሳንሺብን።”

“አላሳንስም፣ ወንድሜ።”

በአንድ ቤት አምስት ሰው፣ ለአንድ ሰው በቀን አሥራ አምስት ሊትር ብላ አሰላች። አሥር ሺህ ሊትር የሚይዘው ቦቴ በቀን አሥራ አንድ ጊዜ መመላለስ አለበት። የኪራዩን ዋጋ ከአምናው ውል ወስዳ የነዳጁን ጭማሪ በግምት አከለችበት። የሠላሳ ቀኑ ድምር ግን ለጋሹ ካስቀመጠው ጣሪያ አለፈ። ብርድ ልብሱንም ሳሙናውንም ብትቀንስም ያው አለፈ።

ከሰዓት በኋላ ወረቀቱን ይዛ ጋሼ ቢሮ ገባች።

“አባወራውን ስምንት መቶ አድርጊው” አሉ፣ መነጽራቸውን ሳያነሱ። “በቀን ስድስት ምልልስ ይበቃል።”

“ጋሼ፣ እንዲህ ከሚሆን እውነተኛውን ቁጥር እንጻፍና ገንዘቡ የሚበቃው ለአሥራ ስድስት ቀን ብቻ ነው እንበላቸው።”

“የአሥራ ስድስት ቀን ዕቅድ የያዘ መሥሪያ ቤት አልተዘጋጀም ተብሎ ገንዘቡ ለሌላ ይሰጣል። መጀመሪያ ይግባ። ቆጠራው ሲያልቅ እናሻሽለዋለን፤ ማሻሻያ የተፈጠረው ለዚህ አይደል?”

በበጀት ወረቀቱ ላይ እያንዳንዱ ቁጥር ከየት እንደመጣ የምትጽፍበት ዓምድ ነበራት። “እዚህ ጋ በእርስዎ ትእዛዝ ተቀነሰ ልበል?” ስትላቸው ሳቁ። “ስሜን ምን አስነሳሽ፣ ልጄ? ‘በስምምነት’ በዪው። አንቺና እኔ ነን።” እሷም አፍራ እንዳሉት ጻፈች። ያን ቀን ያፈረችበትን እያሰበች እስከ ዛሬ ራሷን ትረግማለች።

ገንዘቡ ገባ። ውሃው ግን እንደ ወረቀቱ ሊሄድ አልቻለም። ባለሙያው ሰልፉን አይቶ ቦቴዎቹን በቀን አሥራ አንድ ጊዜ አመላለሳቸው። በአሥራ አራተኛው ቀን ቆጠራው አለቀ፤ አንድ ሺህ አራት መቶ አሥራ ሁለት አባወራ። የቀረው የውሃ ገንዘብ ለሁለት ቀን የሚሆን ነበር።

ያን ዕለት የለጋሹ ተወካይ መጥታ ስብሰባ ተቀመጡ። “ማሻሻያውን ለመፍቀድ ዝግጁ ነን” አለች። “ግን ግማሽ ያህል የተሳሳተው ግምት ከየት መጣ?”

ሚዛን ጋሼን አየቻቸው። ጋሼ ዓይናቸውን በጨው አጥበው፣ “እኔ የቀረበልኝን ነው የፈረምኩት። ቁጥሩን ያዘጋጀችው የበጀት ባለሙያዋ ናት” አሉ።

“ጋሼ፣ በስምምነት ነው የተቀነሰው” አለች።

“ከማን ጋር?” አሉ ረጋ ብለው።

ያን ቀን ቢሮ ውስጥ ቀንሺ ሲሏት የሰማ ሰው አልነበረም። ተወካይዋ ሁለቱንም አየቻቸውና፣ “የምትካሰሱ ከሆነ ጉዳዩ ወደ ማጣራት ይሄዳል። እስኪጣራ ደግሞ ገንዘቡ ይታገዳል” አለች።

በእረፍቱ ጋሼ ኮሪደር ላይ ደረሱባት። “አንቺ ወጣት ነሽ፣ ይረሳልሻል። እኔ ጡረታዬ ሁለት ዓመት ነው የቀረው። ልጄ አይደለሽ?”

“ልጅዎን ነው እንግዲህ የሸጡት” አለቻቸውና ወደ ጠረጴዛዋ ሄደች።

ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ማሻሻያውን አዘጋጀች። አባወራውን፣ ምልልሱንና ኪራዩን በእውነተኛው ቁጥር አረመች። የለውጡ ምክንያት በሚለው ሥር፣ “የመጀመሪያው ግምት በአዘጋጇ ስህተት አንሶ በመቅረቡ” ብላ በገዛ እጇ ጻፈችና ላከችው። አሥር ሰዓት ላይ ተፈቀደ።

ያንኑ ማታ የውሃ ባለሙያው ደወለ። የማሻሻያው ቅጂ ደርሶታል።

“እኔ በአፌ አንድ ሺህ አራት መቶ አላልኩሽም?”

“ብለኸኛል።”

“ታዲያ ስምንት መቶውን ማን ጻፈው?”

ሚዛን ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዞረች። “እኔ” አለች።

“እኔ እኮ አንቺን አምኜ ነበር” አለና፣ ደህና እደሪ ሳይላት ዘጋው።